የሸክላ ማጫወቻዬን ጉርምርምታ ላጠፋልኝ የደብረ ብርሃን ባለሙያ

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አካባቢ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን አንድ ወንድማችን አለ። እጁ ይባረክ! ሸክላ ማጫወቻ ያላችሁ ሁሉ እንድታውቁት ብዬ ነው የምጽፈው።

አባቴ ያስቀመጡልንን የአምሃ ሪከርድስ ሸክላዎች የምናጫውተው ብሉቱዝ ውስጡ ባለው ማጫወቻ ነው። ሳሎን ወዳሉት ሁለት ስፒከሮች ያለ ገመድ እንልካለን፣ እንግዳ ክፍል ወዳለው አምፕሊፋየር ደግሞ በገመድ። የእኛው በሁለቱም መንገድ ባንዴ ያወጣል፤ ሁሉም ማጫወቻ ግን እንዲህ አይደለም። ችግሩ ሁሉም ሲከፈት ዘፋኙ ራሱን እየተከተለ የሚዘፍን ይመስላል፤ ከሥር ደግሞ «እምም» የሚል ጉርምርምታ አይጠፋም።

ቤት ድረስ መጣና መጀመሪያ የአምፕሊፋየሩን ገመድ ነቀለው። ጉርምርምታው ብሉቱዝ ስፒከሮቹ ላይ እንዳለ ቀረ። «እህቴ፣ ብሉቱዝ የተሰጠውን ነው የሚልከው፤ ይሄ ነገር የሚገባው ከመላኩ በፊት፣ መርፌው ጋ ነው» አለኝ። ከዚያ መርፌውን የያዘውን ክንድ አንስቶ፣ ሸክላውን ሳይነካ፣ ቀስ አድርጎ ወደ ጎን ወሰደው። ወደ ግራ ሲጠጋ ጉርምርምታው ጨመረ። በግራ በኩል፣ ከመደርደሪያው ሥር፣ የፍሪጁ ስታብላይዘር ነበር። ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር የመብራቱን 50 ኸርዝ በማግኔት ወደ መርፌው ይረጨዋል። ማጫወቻውን ወደ ሌላው ግድግዳ ስናዛውረው ድምፁ ጸጥ አለ ማለት ይቻላል።

የቀረችው ትንሽ ጉርምርምታ በቀኝ ስፒከር ብቻ ነበረች። ማጫወቻውን አጥፍቶ ከመርፌው ኋላ ያሉትን አራት ቀጫጭን ሽቦዎች በባትሪ እያበራ አየ፤ ነጭና ሰማያዊው የግራ፣ ቀይና አረንጓዴው የቀኝ ናቸው። አረንጓዴዋ ላልታ ነበር። በወረንጦ ስቦ ጫን አደረጋት፤ አለቀ።

መዘግየቱን ግን «ይሄን አላጠፋልሽም» ብሎ በግልጽ ነገረኝ። ብሉቱዝ ድምፁን አጭቆ ይልካል፣ ስፒከሩም አጠራቅሞ ይፈታል፤ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ይዘገያል። በገመድ የሚሄደው ወዲያው ይደርሳል፤ የሚያስተጋባው ለዚህ ነው። ሁሉም በአንድ መንገድ ሲሄድ ግን መዘግየቱ ለሰሚው አይታወቅም። ስለዚህ ሁለቱን ስፒከሮች መጀመሪያ እርስ በርስ አጣመራቸው፣ ከዚያ ማጫወቻውን ከአንደኛው ጋር አገናኘው። አምፕሊፋየሩ አሁን የሚከፈተው ብሉቱዙ ሲጠፋ ብቻ ነው። መዘግየት የሚቀንስ ስፒከር ልግዛ ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ ማጫወቻውም ያንኑ ካልደገፈ ገንዘቤን በከንቱ እንዳላወጣ መከረኝ።

ያስከፈለኝ የእጁን ዋጋ ብቻ ነው። ደብረ ብርሃንም ሆነ ደብረ ሲና ያላችሁ፣ ስልኩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ እሱም ፈቅዶልኛል።