የሰነድ ፎቶን ከጠረጴዛው ለመለየት፦ ጋለሪ፣ ስናፕሲድ፣ ካምስካነር ወይስ ጉግል ድራይቭ?

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ በዝቶብኛል። «ዲግሪዬን በስልክ አንስቼ ልልክ ነበር፣ ጠረጴዛው እንዳይታይ በምን ልቁረጠው?» ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከማስረዳት አንዴ ልጻፈው። መልሴን ከፊት ላስቀምጠው፦ አንድሮይድ ስልክ ያለው ሰው በጉግል ድራይቭ ያንሳ። ነጻ ነው። ሌሎቹንም ሞክሬያቸዋለሁ፣ በአንደኛው 600 ብር ከስሬያለሁ። ለዚህ ነው አስረግጬ የምናገረው።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ስልኩ ጋለሪ ውስጥ ባለው መቁረጫ ነው። ዋጋው ዜሮ ነው፣ መማርም አይጠይቅም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አድርገን ቁጭ ብለን ስናነሳ ስልኩ ያዘነብላል። ለእኛ የቀረበው የወረቀቱ ጠርዝ ሰፊ፣ የራቀው ጠርዝ ጠባብ ሆኖ ይወጣል። የጋለሪው መቁረጫ ደግሞ ቀጥ ያለ ሳጥን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሳጥኑን ሰፋ ካደረጋችሁት ከላይ በግራና በቀኝ ጠረጴዛው ይቀራል። ጠበብ ካደረጋችሁት ከታች ጽሑፍ ይቆረጣል። መሀል ላይ የሚስማማ ቦታ የለም፣ ፈልጋችሁ አትድከሙ።

የአክስቴ ልጅ ትራንስክሪፕቷን እንዲህ ቆርጣ ለትምህርት ዕድል አመልክታ «አይነበብም» ተብሎ ተመለሰባት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ጥርት ብሎ ይታየኛል» አለችኝ። የመጀመሪያውን ፎቶ ላኪልኝ አልኳትና ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ፎቶው በተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች፣ ማለትም በፒክስል ለካሁት። የወረቀቱ የታችኛው ጠርዝ 2400 ነጥብ ያህል ስፋት አለው፣ የላይኛው ግን 1500 ብቻ። ኤ4 ወረቀት ስፋቱ 21 ሴንቲሜትር ነው። ስለዚህ ከታች በአንድ ኢንች 290 ነጥብ ገደማ አለ፣ ከላይ ግን 180 ገደማ። የፎቶ ኮፒ ቤት ስካነር አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በ300 ነው። የታችኛው ክፍል ከስካነር ብዙም አያንስም ነበር ማለት ነው። የመታወቂያ ቁጥሯና የትምህርት ክፍሏ በደቃቅ ፊደል የተጻፉት ግን ላይኛው ክፍል ላይ ነው። የማይነበበውም እሱ ነበር።

መፍትሔው ሳጥን መቁረጥ ሳይሆን የወረቀቱን አራት ማዕዘኖች መያዝ ነው። አፑ አራቱን ማዕዘኖች ለይቶ፣ ከቀጥታ ላይ ብናይ የት ይሆኑ እንደነበር አስልቶ እያንዳንዱን ነጥብ ወደ ቦታው ይስበዋል። ከማዕዘኖቹ ውጭ ያለው ጠረጴዛ፣ ስኒ፣ የሰው እጅ ሁሉ ተቆርጦ ይቀራል። አንድ ነገር ግን እወቁ፦ አፑ የሌለ ነጥብ አይፈጥርም። የላይኛውን 1500 ወደ 2400 ሲለጥጠው ቅርጹ ይስተካከላል፣ ድብዝዝ ያለው ፊደል ግን እንደደበዘዘ ይቀራል። ስለዚህ የትኛውንም አፕ ብትመርጡ ቆማችሁ፣ ስልኩን ከወረቀቱ በላይ አግድም ይዛችሁ፣ ወረቀቱ ስክሪኑን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አንሱ።

ስናፕሲድን የሚወዱ ጓደኞች አሉኝ። እሱም ነጻ ነው፣ Perspective የሚል መሣሪያ አለው። ሠርግና መልክዓ ምድር ለማስተካከል ግሩም ነው። ለሰነድ ግን የምትስቡት በዓይን ግምት ነው፣ ልኩን የሚነግራችሁ የለም። የአክስቴን ልጅ ትራንስክሪፕት መጀመሪያ በእሱ ሞክሬው ነበር። አምስት ደቂቃ ለፋሁበት፣ ጠርዞቹ ቀጥ አሉልኝ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ማህተሙን አየሁት። ክቡ ማህተም እንቁላል ሆኗል!

ይህን መፈተሻ ያዙልኝ። ቀጥ ያለ ጠርዝ ያታልላል፣ ክብ ማህተም አያታልልም። ማህተሙ ወደ ጎን ከተንሰራፋ ገጹ ቁመቱ ተጨፍልቋል ማለት ነው። በቁጥር ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ የፎቶውን ቁመት ለስፋቱ አካፍሉ። ኤ4 ከሆነ 1.41 አካባቢ መምጣት አለበት። የእኔ 2400 በ2900 ነበር፣ ሲካፈል 1.21 ይመጣል። ጉርድ ፎቶዋም ሳይቀር ፊቷ ሰፍቶ ነበር። ይህን ያየ መዝጋቢ ሰነዱ ተነካክቷል ብሎ ቢጠረጥር አልፈርድበትም።

አሁን ወደ ካምስካነር፣ ማለትም ገንዘቤን ወደበላው። አፑ ራሱ ሥራውን ያውቃል። ማዕዘን ይለያል፣ በደንብ ያቃናል። በነጻው ግን በምታወጡት ፒዲኤፍ ላይ የራሱን ምልክት ያትምበታል። ዲግሪ ላይ የአፕ ስም ታትሞ መላክ ደግሞ ደስ አይልም። ምልክቱን ለማስቀረት ክፍያው በዶላር ነው፣ የኔ ካርድ አልሠራም። አንድ የሞባይል ቤት «ፕሪሚየሙን በ600 ብር እጭንልሃለሁ፣ የዕድሜ ልክ ነው» አለኝ። ጫነልኝ። ሁለት ሳምንት እንኳ አልቆየም። ምልክቱ ተመለሰ፣ በላዩ ላይ ስልኩን ስከፍት ማስታወቂያ ይዘንብብኝ ጀመር። ብመለስ «አፕዴት አድርገኸው ይሆናል፣ ድጋሚ በ300 ልጫንልህ» ተባልኩ። አፑን አጥፍቼ፣ የባንክ የይለፍ ቃሌን ቀይሬ ወጣሁ። በ600 ብር ስንት ኪሎ ቡና ይገዛል እያልኩ እስከ ቤቴ ስቆጭ ነበር።

የጫነልኝ ያለ ክፍያ እንዲሠራ ተሰብሮ የተቀዳ ቅጂ ነበር፤ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ በቴሌግራም ይዞራል። አስቡት፦ ለዚህ አፕ የምትሰጡት ካሜራችሁን፣ ፎቶዎቻችሁን፣ የመታወቂያችሁንና የዲግሪያችሁን ምስል ነው። በነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. እንኳንስ የተቀዳው፣ ዋናው የአንድሮይድ ካምስካነር ራሱ በውስጡ በነበረ የማስታወቂያ ኮድ ጎጂ ሶፍትዌር ተገኝቶበት ከፕሌይ ስቶር ወርዶ ነበር። ያገኙት የካስፐርስኪ ባለሙያዎች ናቸው። ኮዱ ከወጣ በኋላ አፑ ተመልሷል፣ ዛሬ ዋናውን የምትጠቀሙ ሰዎች አትደንግጡ። የተቀዳውን ቅጂ ግን ማንም አያጸዳላችሁም።

ጉግል ድራይቭ አብዛኛው አንድሮይድ ስልክ ላይ ሲገዛ ጀምሮ አለ። ከፍታችሁ የካሜራውን ምልክት ወይም የመደመር ምልክቱን ነክታችሁ Scan የሚለውን ትመርጣላችሁ። ወረቀቱን ሲያገኘው ዙሪያውን ያሰምርበትና ብዙ ጊዜ ራሱ ያነሳል። ምልክት አያትምም፣ ክፍያ አይጠይቅም፣ ፒዲኤፍ አድርጎ ያስቀምጣል። ከጉግል አካውንት ጋር የሚመጣው 15 ጊጋባይት ቦታ ለሰነድ ይተርፋል። ኢንተርኔቱም አይከብድም፣ የእኔ አራት ገጽ ሁለት ሜጋባይት አካባቢ ነው የወጣው።

ሁለት ቦታ ላይ ግን ይሳሳታል። አንደኛው ጠርዝ ሲጠፋው ነው። ነጭ ወረቀት ነጭ ጠረጴዛ ወይም የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ላይ ስታደርጉ ወረቀቱ የት እንደሚያልቅ አይለይም። የጽሑፉን ሳጥን ወይም የሰንጠረዡን መስመር የወረቀት ጠርዝ አድርጎ ይይዝና ኅዳጉን ከነማህተሙ ይቆርጠዋል። እኛ ጅማ ያለን ሰዎች እዚህ ላይ ዕድለኞች ነን፤ ጠቆር ያለ የእንጨት ጠረጴዛ የማይገኝበት ቤት ጥቂት ነው። ወረቀቱን እሱ ላይ፣ ወደ መስኮት አስጠግታችሁ አድርጉት። የክረምቱ ደመናማ ብርሃን ከአምፖል ይሻላል፣ የእጃችሁን ጥላ አጥቁሮ አይጥልም። ካነሳችሁ በኋላ Crop የሚለውን ከፍታችሁ አራቱን ማዕዘኖች አንድ በአንድ እዩ። ያልተቀመጠውን በጣት እየጎተታችሁ ጫፉ ላይ አድርሱት። በዓይን ብቻ ከሚሠራው ስናፕሲድ የሚለየው እዚህ ነው፦ የምትጎትቱት ማዕዘኑን ብቻ ነው፣ ስሌቱን አፑ ይሠራዋል።

ሁለተኛው ቀለም ነው። ጥቁርና ነጭ የሚያደርገውን ማጣሪያ አትምረጡ። ጽሑፉ ያምራል፣ ግን ሰማያዊው ማህተም ጠቁሮ ከፊርማው ጋር ይደባለቃል፣ ሳሳ ያለው ማህተም ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ማህተም ያለበትን ሁሉ በቀለም አስቀሩት። ስትልኩትም በቴሌግራም ፎቶ አድርጋችሁ ሳይሆን File ብላችሁ ላኩት፣ ፎቶ ካላችሁት ጨምቆ ያሳንሰዋል።

የአክስቴን ልጅ ትራንስክሪፕት በዚህ መንገድ ድጋሚ አነሳነው፣ ቆመን፣ ከላይ። የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ ስፋት ሊተካከል ምንም አልቀረውም። ማህተሙ ክብ ነው። ከተነሳንበት እስከ ላክንበት አሥር ደቂቃ አልፈጀም። በዚያው ቀን ሰነዷን ተቀበሏት።

ፎቶውን ኢንተርኔት ካፌ ወስዳችሁ ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ለጥፋችሁ የምትቆርጡ ሰዎችም አላችሁ። ይህን እባካችሁ ተዉት። ወርድ ሲቆርጥ የተቆረጠውን ይደብቀዋል እንጂ እንዲጠፋ ካላዘዛችሁት አያጠፋውም። ፋይሉን በወርድ መልክ የተቀበለ ሰው ምስሉን ነክቶ ቁርጡን ወደ ኋላ መለስ ቢያደርግ ጠረጴዛችሁ ይመጣል። የአንድ ጓደኛዬ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ የባንክ ደብተሩ ተከፍቶ ነበር።

ፎቶ ኮፒ ቤትስ? ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባለፈው አራት ገጽ ስካን ሳስደርግ በገጽ 15 ብር ከፍያለሁ። 60 ብር ነው። ባጃጅ ደርሶ መልስ 40 ጨምሩበት፣ 100 ብር። መብራት ከጠፋ ደግሞ የባጃጁ ብር በከንቱ ሄደ። ፋይሉም እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል፣ አጥፉልኝ ካላላችሁ ማንም አያጠፋውም።

አንድ ሰነድ ላይ ግን እኔም ብር አውጥቼ እሄዳለሁ። የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የልደት መዝገብ፣ የተሰፋ ማንኛውም ነገር። መሀሉ ላይ ገጹ ይጎብጣል። አራት ማዕዘን መያዝ የሚሠራው ወረቀቱ ዝርግ ሲሆን ብቻ ነው፤ የጎበጠውን መስመር የትኛውም ጫፍ ቢጎተት አያቃናውም። እዚያ የስካነሩ መስታወትና ከላይ የሚጫነው ክዳን ያሸንፋል። ከአራት ተጣጥፎ ኪስ ውስጥ የከረመ ወረቀት ከሆነ ግን ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሌሊት ከባድ መጽሐፍ ሥር አድርጉት፣ ጠዋት በስልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

አይፎን የያዛችሁ ምንም አታውርዱ። ኖትስ የሚለው አፕ ውስጥ ሰነድ ማንሻ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ማዕዘን ይይዛል፣ ነጻ ነው። የማህተሙን ክብነትና የቀለሙን ነገር እዚያም እንደዚሁ እዩ።