የሽማግሌው የሕይወት ታሪክ፦ በዘመን ቅደም ተከተል ወይስ በአንድ ሥራ ዙሪያ?

በቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ሲታረም ከልደት እስከ ዕረፍት ያለውን ቅደም ተከተል ጠብቆ ማሳጠር ይቻላል፤ ወይም ሟች በሚታወቁበት አንድ ሥራ ዙሪያ እንደገና መጻፍ።

ለረጅም ዘመን በሰበካ ጉባኤ ያገለገሉ አባትን እናስብ። ረቂቁ አራት ገጽ ነው፤ ሁለት ትዳር፣ ሰባት ልጆችና ያልተቋጨ የውርስ ክርክር አለበት። ቅደም ተከተሉን መያዝ ቀላል ነው፤ ለቀስተኛውም የለመደው ይህንኑ ነው። ጣጣው የሚመጣው ትዳሮቹ ላይ ሲደረስ ነው። «ከሕጋዊ ባለቤታቸው» የምትለው ሐረግ የሌላዋን እናት ልጆች ታስቆጣለች። «እስከ መጨረሻው ያስታመሟቸው» የሚለው ምስጋናም ያላስታመሙትን በአደባባይ መውቀስ ነው።

ሁለተኛው መንገድ እንዲህ ይጀምራል፦ «ከቅዳሴ በኋላ የተጣሉ ጎረቤቶችን ሳያስታርቁ ወደ ቤታቸው አይገቡም ነበር።» የትውልድ ስፍራና ዓመተ ምሕረት በአንድ መስመር ይከተላሉ። ቤተሰቡም «የሰባት ልጆች አባት ነበሩ» ተብሎ ያልቃል። ስም የግድ ከሆነ እናት ሳይለይ በዕድሜ ተራ ይጻፍ። «ልጆቻቸውም የእሳቸውን አርአያ ይከተሉ» ብሎ ማከል ግን ሽሙጥ ነው፤ ይሰረዝ።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሟች ካህን ከሆኑና የክህነት ማዕረጋቸውና ያገለገሉባቸው አጥቢያዎች በተራ መነገር ካለባቸው ብቻ የመጀመሪያው ይሻላል። በየትኛውም ቢጻፍ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ከቀብሩ በፊት ያንብበው፤ አንባቢውም ከወረቀቱ ውጭ አንዲት ቃል አይጨምር።