ለሥራ ማመልከቻ የሚሆን ፎቶ፦ ፎቶ ቤት ያሳምረው ወይስ በስልክ ራስዎ ያስተካክሉት?

ፎቶ ቤት ገንዘብ ያስወጣል፤ ነገር ግን መብራቱም ጀርባውም የተዘጋጀ ስለሆነ ፎቶው ገና ሲነሳ ጥርት ብሎ ይወጣል። ስጋቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዳንድ ባለሙያ ሳይጠየቅ ቆዳ ያለሰልሳል፣ ፊት ያቀላል፣ ሲብስም ኮትና ከረባት ከሌላ ምስል አምጥቶ ያለብሳል። ይህን ለመለየት ምስሉን አጉልቶ አንገትንና ጆሮን ማየት ይበቃል፤ ፊቱ ፈክቶ አንገቱ ከጠቆረ፣ ወይም የኮሌታው ጠርዝ በመቀስ የተቆረጠ ከመሰለ፣ ቀጣሪውም ያስተውለዋል።

በስልክ ማስተካከል ወጪ የለውም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ፊትዎን ወደ መስኮት አዙረው ሌላ ሰው ከአንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቀት ያንሳዎት፤ ራስዎ በቅርብ ሲያነሱት አፍንጫ ይገዝፋልና። ከዚያ Snapseed በተባለው የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ ውስጥ White Balance በሚለው ቢጫነቱን ይቀንሱ፣ በHealing ደግሞ የሰሞኑን ብጉር ብቻ ያጥፉ፤ ጠባሳና ማዲያት ግን ቃለ መጠይቁ ላይም አብረውዎት ስለሚገቡ ባይነኩ ይሻላል።

ለLinkedIn ምስሉ በክብ ስለሚቆረጥ ከራስ በላይ ክፍተት ትቶ በስልክ መሥራቱ ይበቃል። ታትሞ ከማመልከቻ ጋር ለሚያያዝ ጉርድ ፎቶ፣ ወይም ቤትዎ በቂ ብርሃን ከሌለው፣ ፎቶ ቤት ይመረጣል፤ «ቆዳዬን አይንኩት» ማለትን ግን ከመነሳትዎ በፊት አይርሱ።