ፎሶልያ በጠርሙስ ሲታሸግ፦ የፈላ ውሃ ወይስ የግፊት ድስት?

ሁለቱም ክዳኑን ጥርቅም አድርገው ያሽጋሉ። ከውጭ ሲታይ ልዩነት የለውም፤ አደጋውም ይኸው ነው።

የፈላ ውሃ ከ100 ዲግሪ አያልፍም። ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ስፖር፣ ማለትም ዘር መሰል ጠንካራ ቅርጹ፣ ግን ያንን ሙቀት ይቋቋማል። ጠርሙሱ ሲታሸግ ውስጡ አየር ያጣል። ፎሶልያ ደግሞ አሲዱ አነስተኛ ነው፤ ፒኤቹ ከ4.6 በላይ ነው። ስፖሩ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ጓዳ ውስጥ ሲቀመጥ ያድግና ነርቭ የሚያሽመደምድ መርዝ ያመነጫል። የፈላ ውሃ የሚበቃው በተፈተነ አሠራር በኮምጣጤ ለተዘፈዘፈ ፎሶልያ ብቻ ነው።

ለጠርሙስ ማሸጊያ የተሠራ የግፊት ድስት ሙቀቱን ወደ 116 ዲግሪ ያደርሰዋል። መጀመሪያ እንፋሎቱ ለ10 ደቂቃ በደንብ ይውጣ፤ ውስጡ አየር ከቀረ ሙቀቱ ይወርዳል። ከዚያ ግፊቱ ልኩ ላይ ሲደርስ፣ ግማሽ ሊትር ገደማ የሚይዝ ጠርሙስ 20 ደቂቃ ይቆያል። ከፍታ ላይ ግፊቱ ይጨመራል፣ ደቂቃው ግን ያው ነው።

ክዳኑ ካበጠ ወይም ሲከፈት ከተንፈቀፈቀ ይጣል። መርዙ ግን ሽታም መልክም ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ በፈላ ውሃ ብቻ የታሸገ ፎሶልያ ካለዎት፣ እባክዎ ለመሞከር እንኳ አይቅመሱት።