በቴሌግራም የሚላክ የባንክ መተግበሪያ አትጫኑ

«የባንክዎ መተግበሪያ ዛሬ ካልታደሰ ሒሳብዎ ይዘጋል» የሚል መልእክት ከፋይል ጋር በቴሌግራም ከደረሳችሁ ፋይሉን አትክፈቱት። የላከላችሁ ሰው ዘመድ ቢሆንም አትክፈቱት፤ የእርሱም ስልክ በሌባ እጅ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

የፋይሉ ስም በ .apk ያበቃል። ስልካችሁ ምንጩ እንደማይታወቅ ሲያስጠነቅቃችሁ፣ መልእክቱ አስቀድሞ «ፍቀድ የሚለውን ይጫኑ» ብሏችኋል። ሲከፈት ዓርማውም ቀለሙም የባንካችሁ ነው። ከዚያ አጭር መልእክቶቻችሁን ለማንበብና Accessibility የሚባለውን አገልግሎት ለመጠቀም ፈቃድ ይጠይቃል። ይህ አገልግሎት የተሠራው ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ሲሆን፣ የተፈቀደለት መተግበሪያ በስክሪኑ ላይ ያለውን ማንበብና በእናንተ ፈንታ መንካት ይችላል። የሚስጥር ቁጥራችሁን ስታስገቡ «ሲስተም የለም፣ ቆይተው ይሞክሩ» ሊላችሁ ይችላል። እኛ ደግሞ ይህን መልስ ስለለመድነው ዝም ብለን እንጠብቃለን። በዚያው ጊዜ ባንኩ የላከው የማረጋገጫ ቁጥር ለሌባው ይደርሳል፤ ገንዘቡም ይወጣል።

ከፕሌይ ስቶር ስትጭኑም ከመተግበሪያው ስም ሥር የተጻፈውን የአሳታሚ ስም ንኩት። ሌሎች ሥራዎቹ ይዘረዘራሉ። የባንክ አሳታሚ ነኝ የሚለው ጨዋታና የእጅ ባትሪ መተግበሪያ የሚያወጣ ከሆነ ተዉት። የመገናኛ ኢሜይሉንም እዩ፤ በባንኩ ድረ ገጽ አድራሻ ማለቅ ሲገባው ማንም በነጻ የሚከፍተው የጂሜይል አድራሻ ከሆነ ጠርጥሩ።

ይሁን እንጂ ስም ብቻውን አያስተማምንም። በ2021 እ.ኤ.አ. አንድ የቢትኮይን ባለቤት ከአፕል መደብር የቢትኮይን ማስቀመጫ መሣሪያ በሚሠራው ኩባንያ ስም «ትሬዞር» የሚል መተግበሪያ ጭኖ 17.1 ቢትኮይን ተሰርቋል፤ በወቅቱ ዋጋው 600,000 ዶላር ገደማ ነበር። ዓርማውም የተጠቃሚዎች ምዘናውም እውነተኛ ይመስል ነበር። እውነተኛው የትሬዞር ኩባንያ ግን በዚያን ጊዜ ለአይፎን ምንም መተግበሪያ አልነበረውም፤ ይህንንም የኩባንያውን ድረ ገጽ በማየት ማወቅ ይቻል ነበር። ስለዚህ መደብሩ ውስጥ ስም ጽፋችሁ ከመፈለግ ይልቅ የባንኩን ድረ ገጽ አድራሻ ራሳችሁ ጻፉና እዚያ ባለው ማስፈንጠሪያ ግቡ። አድራሻውን ካላወቃችሁ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ጭናችሁት ከሆነ ወዲያውኑ ኢንተርኔቱን አጥፉ፤ በሌላ ሰው ስልክ ባንኩ ጋ ደውላችሁ ሒሳቡን አሳግዱ። የንግድ ባንክ ደንበኞች 951 ይደውሉ። የሚስጥር ቁጥሩን በተያዘው ስልክ ላይ አትቀይሩ፤ አዲሱም ይታያል። መተግበሪያውን ለማጥፋት ስትሞክሩ ገጹን እየዘጋ ካስቸገራችሁ፣ የተሰጠው ፈቃድ እየረዳው ነው፤ ፎቶዎቻችሁን ሌላ ቦታ ካስቀመጣችሁ በኋላ ስልኩ ሙሉ በሙሉ ተደምስሶ እንደ አዲስ ይነሣ።