የአምናው ዲቪዲ ወይስ የዘንድሮው ፍላሽ? ለርዕሰ መምህራችን ያቀረብኩት ንጽጽር

አምና ሐምሌ ላይ አንዲት እናት ከባሶና ወራና ገጠር ደብረ ብርሃን ፎቶ ቤቴ ድረስ መጡ። የምርቃቱን ዲቪዲ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ይዘውታል። «ልጄ የቷ ናት?» አሉኝ። ከፍተን አየነው። መድረኩ ሙሉ ይታያል፤ ጋውን የለበሱ ልጆች ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ፊታቸው ግን ደብዛው የጠፋ ነው። የቀረጽኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ እኔም መለየት አቃተኝ። እናትየዋ መጨረሻ ላይ ልጃቸውን በጫማዋ አወቋት።

ርዕሰ መምህር፣ የዘንድሮውን ሁለት አማራጭ የማቀርብልዎ ከዚያ ቀን ተነስቼ ነው። አንደኛው የአምናው ዓይነት ነው፤ በፉል ኤችዲ ተቀርጾ በዲቪዲ የሚሰጥ ቪዲዮና ኪስ ያለው አልበም። ሁለተኛው በፎርኬ ተቀርጾ በፍላሽ የሚሰጥ ቪዲዮና ፎቶው ራሱ ገጽ ሆኖ የሚታተምበት ወፍራም አልበም። «ሁለተኛውን ይግዙኝ» ብል ይቀለኝ ነበር። ግን ከሁለተኛው ውስጥ የማያስፈልግዎ ነገር አለ።

መጀመሪያ ቪዲዮውን እንይ። መድረካችን ወደ 8 ሜትር ይሰፋል። የሰው ፊት ደግሞ በግምት 16 ሳንቲ ሜትር ነው። ፉል ኤችዲ ምስል ከግራ ወደ ቀኝ 1920 ነጥብ አለው። መድረኩን ሙሉ ሲይዝ ለአንድ ፊት የሚደርሰው 38 ነጥብ ያህል ነው። ብዙ ባይሆንም ሰው ይለያል። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዲቪዲ ላይ የሚጻፈው ምስል ስፋቱ 720 ነጥብ ብቻ ነው። ፊቱ ወደ 14 ነጥብ ይወርዳል። በ14 ነጥብ ዓይንና አፍንጫ አይሳልም። ጥፋቱ የካሜራው አልነበረም፤ ጥራቱን የበላው ዲቪዲው ነው። ስለዚህ ሌላ ምንም ባይቀይሩ እንኳ ዲቪዲውን ይቀይሩት። ለዚህ የሚጨምሩት የፍላሹን ዋጋ ብቻ ነው።

ፎርኬ ምን ይጨምራል? ስፋቱ 3840 ነጥብ ነው፤ የፉል ኤችዲ እጥፍ። ለአንድ ፊት 77 ነጥብ ይደርሰዋል። እኔ የምፈልገው ግን ለሌላ ነው። 62 ተመራቂ አለዎት። እያንዳንዱ 15 ሰከንድ ቢወስድ ሰርተፍኬት መስጠቱ በሩብ ሰዓት ያልቃል። አምና አንዱን ልጅ ለማቅረብ ዙም ሳደርግ ቀጣዩ ጨብጦ ወርዷል። በፎርኬ ከሆነ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁሜ መድረኩን ሙሉ እይዛለሁ። ኤዲቲንግ ላይ ልጁ የቆመበትን ግማሽ ቆርጬ አወጣለሁ። የተቆረጠው ግማሽ ብቻውን ሙሉ ፉል ኤችዲ ይሆናል። አንድም ልጅ አያመልጥም፤ ሁሉም ቀርቦ ይታያል።

እንግዲህ ቀረጻው በፎርኬ ይሁን፣ ለወላጅ የሚሰጠው ግን ፉል ኤችዲ ይሁን። ለምን ቢሉ፣ ወላጅ ቤት ያለው ቲቪ ብዙ ጊዜ አሮጌ ነው። አሮጌ ቲቪ ብዙ ጊዜ የሚያነበው ፍላሽ FAT32 በሚባለው የፋይል አያያዝ ፎርማት ሲደረግ ነው፤ FAT32 ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፉል ኤችዲ በሰከንድ 8 ሜጋቢት ሲወጣ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 3.6 ጊጋባይት ይሆናል። ልክ ይገባል። ፎርኬው ግን በ40 ሜጋቢት ሲወጣ በሰዓት 18 ጊጋባይት ነው። ወላጅ ፍላሹን ይሰካል፣ ቲቪው ዝም ይላል፣ ከዚያ ስልኬ ይጮኻል። ዋናውን የፎርኬ ቅጂ ለትምህርት ቤቱ በሃርድ ዲስክ አስቀምጣለሁ።

ፎርኬ የማያድነውም አለ። ፎከሱ ከሳተ ሳተ ነው፤ ነጥብ ቢበዛም ብዥታው በብዙ ነጥብ ይታያል። ጨለማ አዳራሽ ውስጥም ምስሉ እንደ አሸዋ ይርመሰመሳል። ድምፁንም አይነካውም። የደብረ ብርሃንን ንፋስ ያውቁታል፤ የካሜራው ማይክ ከንግግሩ ይልቅ ንፋሱን ይቀዳል። ስለዚህ በየትኛውም አማራጭ ድምፁን ከሚክሰሩ በገመድ እወስዳለሁ። ለእሱ ጭማሪ አልጠይቅም።

ወደ አልበሙ ልምጣ። አምና አንዳንዱ ፎቶ ከቪዲዮ የተቆረጠ ነበር፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጥሩ ህትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይፈልጋል። በዚህ ሒሳብ ከፉል ኤችዲ የተቆረጠ ምስል በደንብ የሚታተመው እስከ 16 ሳንቲ ሜትር ስፋት ነው። እኛ ግን ኤ4 አድርገን ዘረጋነው። ዘንድሮ ፎቶውን የሚያነሳ ሌላ ልጅ፣ ሌላ ካሜራ ይዞ ይቆማል። ካሜራው 24 ሜጋፒክስል ነው። ለኤ4 ከበቂ በላይ ነው።

ወፍራሙ አልበም ያምራል። ገጹ አይታጠፍም፤ ሲከፈት ግራና ቀኙ አንድ ሆኖ ይዘረጋል። ዋጋው ግን ከኪሱ አልበም ከእጥፍ በላይ ነው፤ ፎቶውን በራሱ አያጠራውም። ለ62 ቤተሰብ ይህን ማስከፈል ለእኔ ትርፍ ነው፤ ለወላጅ ግን ከበድ ይላል። እኔ ብሆን ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሁለት ወፍራም አሠራለሁ፤ ለወላጅ የኪሱን። ተጨማሪ የሚፈልግ ወላጅ ለብቻው ያዛል።

የቡድን ፎቶውን ግን ያለ አንድ ብር ጭማሪ ማሻሻል ይቻላል። አምና ሁሉንም በአራት ረድፍ አቆምናቸው። 8 ሜትር ስፋት ኤ4 ላይ ሲገባ የአንድ ልጅ ፊት 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከምስር ብዙም አይበልጥ። 8ኛ ሀን ለብቻ፣ 8ኛ ለን ለብቻ በሦስት ረድፍ ብናቆማቸው ስፋቱ ወደ 5 ሜትር ይጠባል፤ ፊቱም ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ይጠጋል።

ከእኔም ከሌላም ፎቶ ቤት ሲገዙ ናሙና ይጠይቁ። ፍላሹን ቢሮዎ ባለው ኮምፒዩተር ይክፈቱና የፋይሉን ዝርዝር ይዩ፤ 1920 እና 1080 የሚል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ካላገኙ ፉል ኤችዲ አልሰጡዎትም፤ ዲቪዲውን ገልብጠውም ሊሆን ይችላል። 3840 ቢልም ብቻውን አይመኑት፤ ትንሽ ምስል አስፋፍቶ ፎርኬ ማስመሰል ቀላል ነው። ሰፊው ምስል ላይ ያቁሙትና ከመድረኩ ጀርባ ያለውን የባነር ትንሹን ጽሑፍ ለማንበብ ይሞክሩ። የውሸቱ ፎርኬ ፊደሉ ጠርዝ ላይ ይቀልጣል። ለፎቶው ደግሞ የናሙናውን ጥግ በረጠበ ጣት አሸት ያድርጉ። ቀለም ጣትዎ ላይ ከቀረ፣ በክረምት እርጥበት አልበሙ ኪስ ላይ ይጣበቃል።

ከእርስዎ የምጠይቀው የሰዓት ነገር ነው። አምና ፕሮግራሙ እኩለ ቀን ላይ ዋለ፤ የባርኔጣው ጥላ ዓይናቸውን ሸፈነው። ዘንድሮ የቡድን ፎቶውን ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ጥላ ሥር እናንሳ። ፕሮግራሙም 3 ሰዓት ይጀመር። ሰኔ ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አይታመንም፤ በረዶም ሊቀላቅል ይችላል። የሁለቱንም አማራጭ ዋጋ በተለየ ወረቀት አያይዣለሁ፤ ሦስተኛው፣ እኔ የመረጥኩት ድብልቅ፣ እዚያው ወረቀት ላይ ታች ተጽፏል።