ቻቱን ዘግቼ ጨዋታውን ተውኩለት፦ ፋሚሊ ሊንክና የሮብሎክስ የወላጅ መቆጣጠሪያ ከዘጠኝ ወር በኋላ

የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። እኔና ባለቤቴ ጠዋት በጊዜ ወጥተን ወደ መገናኛ እንወርዳለን፤ ስንመለስ መሽቷል። ልጃችን አሁን 11 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ አክስቱ ጋር ይውላል። አክስቱ ስልኩ ላይ ምን እያደረገ እንደሆነ ብታይም ነገሩ አይገባትም። «ዝም ብሎ ሲጫወት ነበር» ትለኛለች፣ እውነቷን ነው።

ባለፈው ክረምት ስሙን የማልጠራው አንድ ሌላ ጨዋታ ላይ አንድ የማያውቀው ሰው በቻት አናገረው። «የጨዋታ እቃ በነጻ እሰጥሃለሁ፣ የቴሌግራም ስምህን ላክልኝ» አለው። ልጄ ቴሌግራም ስለሌለው የአባቱን ሊልክ ሲል ነው የደረስንበት። ባለቤቴ ያን ማታ ስልኩ ላይ ያለውን ጨዋታ ሁሉ አጠፋ። ለሁለት ሳምንት ሰላም ያገኘን መስሎን ነበር። በኋላ ስሰማ ልጁ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ በጎረቤት ልጆች ስልክ ሲጫወት ኖሯል።

ሌላም ችግር ነበር። ዋሽንግተን የሚኖረው የወንድሜ ልጅ የኔ ልጅ እኩያ ነው። ሁለቱ የሚግባቡት በጨዋታ ብቻ ነው። በቪዲዮ ስናገናኛቸው «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ» ተባብለው ያልቅባቸዋል። ብዙ ጨዋታዎች በአንድ ቦታ ያሉበት ሮብሎክስ ላይ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ አብረው ቤት ይሠራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ይህንን መቁረጥ አልፈለግንም።

ስለዚህ ሁለት ነገር አንድ ላይ ተጠቀምኩ። አንዱ የጉግል ፋሚሊ ሊንክ ነው፣ ሌላው ሮብሎክስ ውስጥ ያለው የወላጅ መቆጣጠሪያ። መጀመሪያ ላይ ፋሚሊ ሊንክ ብቻውን የሚበቃ መስሎኝ ነበር። አይበቃም። ፋሚሊ ሊንክ እንደ ግቢ ዘበኛ ነው። ማን በስንት ሰዓት እንደገባና ስንት ሰዓት እንደቆየ ያውቃል፣ ሳሎን ውስጥ የሚወራውን ግን አይሰማም። የትኛው መተግበሪያ እንደሚከፈት፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድ፣ ማታ መቼ እንደሚዘጋ ትወስናላችሁ። ልጁ አዲስ ነገር ሊያወርድ ሲል ጥያቄው በናንተ ስልክ ይመጣል። ጨዋታው ውስጥ ከማን ጋር እንደሚያወራ ግን የሚወሰነው ጨዋታው ውስጥ ነው።

ስጀምር ሁለት ስህተት ሠራሁ። ሁለቱም የኛ አገር ስህተት ናቸው፣ ሌላ ቦታ ተጽፈው አላየሁም።

የመጀመሪያው የልደት ቀን ነው። ልጄ የተወለደው ታኅሣሥ 12 ቀን 2007 ነው። የድሮውን የሮብሎክስ አካውንት ራሱ ሲከፍት 2007 ብሎ አስገባ። ልጁ አልዋሸም፣ የሚያውቀውን ነው የጻፈው። ፈረንጅ ግን 2007ን ሲያይ አዋቂ ነው ያየው። በነሱ አቆጣጠር የልጄ ልደት ዲሴምበር 21 ቀን 2014 ነው። ልዩነቱ ሰባት ዓመት ስለሆነ የአሥር ዓመት ልጅ አሥራ ስምንት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ወጣት ሆኖ ተመዘገበ። ለትንንሽ ልጆች የሚደረገው ጥበቃ ሁሉ እሱን አልፎት ሄዷል። እኔ ደግሞ ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ የልጅ ምርጫዎችን እፈልጋለሁ፣ የሉም። ሁለት ቀን ከታገልኩ በኋላ ነው የልደት ቀኑን ያየሁት። እናንተም መጀመሪያ እሱን እዩ፤ ልጁ ራሱ የከፈተው አካውንት ከሆነ ደግሞ በደንብ እዩ።

በትክክለኛው ቀን አዲስ አካውንት ከፈትንለት። ያጠራቀመው ልብስና ጸጉር ስለቀረበት አለቀሰ። ሦስት ቀን አኮረፈን። ጉግል ላይ ደግሞ በእኔ ስር የልጅ አካውንት ፈጠርኩ፣ ከዚያ ስልኩን ፎርማት አድርጌ በዚያ አካውንት ብቻ አስገባሁት። ቀድሞ ስልኩ ላይ የነበረው የአባቱ አካውንት ነበር። እሱ እዚያ ቢቀር ኖሮ ልፋቱ ሁሉ በከንቱ ነበር።

ሁለተኛው ስህተት የባለቤቴ ነው፣ ፈቅዶልኛል እንድጽፈው። ፋሚሊ ሊንክ ላይ ስልኩ ማታ የሚዘጋበት ሰዓት አለ፣ ስክሪኑ ላይ Downtime ይለዋል። ከማታው 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ብለን ተስማማን። እሱም 2:00 እና 12:00 ብሎ ሞላው። ስልኩ የሚሄደው በፈረንጅ ሰዓት ነው። እናም ልጁ ማታውን ሙሉ እንደልቡ ሆነ፣ ስልኩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተዘጋ፣ እስከ ቀኑ 6 ሰዓትም አልከፈት አለ። የነቃነው ቅዳሜ ጠዋት ልጁ «እማዬ፣ ስልኬ ሞተ» ሲል ነው። ትክክለኛው 8:00 PM እና 6:00 AM ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ደክሞህ ማታ ስትሞላው ትሳሳታለህ።

አሁን ያለን አቀማመጥ ይህ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን አንድ ሰዓት፣ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተኩል። ስልኩ ተዘግቶም ቢሆን የሚደወልለትን ማንሳት ይችላል፣ ለእኔ ዋናው ይህ ነበር። አያቱ ከደብረ ብርሃን ማታ ማታ ትደውላለች፤ ስልኩ ተቆልፎም ቢሆን ያነሳላታል።

ሮብሎክስ ላይ የራሴን የወላጅ አካውንት ከልጁ ጋር አገናኘሁ። ወላጅ መሆንህን በባንክ ካርድ ወይም በመታወቂያ ማረጋገጥ ይጠይቃል። ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ የለኝም፣ በፓስፖርቴ አረጋገጥኩ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ከራሴ ስልክ ነው የማስተካክለው። ጨዋታ ውስጥ ያለውን ቻት ዘጋሁት። ጓደኞቹ እነማን እንደሆኑና የትኛው ጨዋታ ላይ ስንት ጊዜ እንዳጠፋ ይታየኛል። የተጻጻፈውን ቃል ግን ለወላጅ አያሳይም። ይህንን ማወቅ ቻቱን ለመዝጋት ያደረገኝ አንዱ ምክንያት ነው።

በፈረንጆቹ 2026 መጀመሪያ ላይ ሮብሎክስ ቻት ለሚፈልግ ሁሉ የዕድሜ ማረጋገጫ ግዴታ አደረገ። በካሜራ ፊትህን አይቶ ዕድሜህን ይገምታል፣ ከዚያ ለዕድሜህ ቅርብ ከሆኑት ጋር ብቻ ያናግርሃል። ለምሳሌ የ12 ዓመት ልጅ 16 ዓመት ከሞላው ጋር ማውራት አይችልም። ቻት የማትፈልግ ከሆነ ግን ሳታረጋግጥም መጫወት ትችላለህ። እኛ አላረጋገጥንም። ቻቱ ተዘግቶ ሳለ የልጄን ፊት ለካሜራ የማሳይበት ምክንያት አልታየኝም።

ታዲያ ከወንድሜ ልጅ ጋር እንዴት ይገናኛሉ? ይህንን መፍትሔ ያገኘችው የወንድሜ ሚስት ናት። ጨዋታውንና ወሬውን ለየናቸው። ሁለቱ ልጆች ፕራይቬት ሰርቨር ይከፍታሉ። ይህ ማለት ያንኑ ጨዋታ የተጋበዘ ሰው ብቻ በሚገባበት ክፍል መጫወት ነው። በብዙ ጨዋታዎች ነጻ ነው፣ አንዳንዱ ያስከፍላል። ወሬው ደግሞ በእኔ ስልክ ነው። ቴሌግራም ላይ ለወንድሜ ሚስት እደውላለሁ፣ ስፒከር ላይ አድርጌ ስልኬን ሶፋው ላይ አስቀምጣለሁ። ልጆቹ እየጮሁ ይጫወታሉ። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሁሉንም እሰማለሁ። ልጄ ከዚህ በፊት ሰምቼው የማላውቀው እንግሊዝኛ ይናገራል፤ የወንድሜ ልጅ ደግሞ «ኧረ ባክህ» ማለት ተምሯል።

ቀጠሯችን ቅዳሜ በኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነበር፣ በነሱ ከረፋዱ አራት ሰዓት። መጋቢት ላይ እነሱ ሰዓታቸውን ወደፊት ሲያዞሩ ልዩነቱ ከስምንት ወደ ሰባት ሰዓት ወረደ። አንድ ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ከጠበቅነው አንድ ሰዓት ቀድሞ ገባ፤ ልጄ ደግሞ ቀጠሮው ገና መስሎት የቀን ገደቡን በሌላ ጨዋታ ሊጨርሰው ደርሶ ነበር። ወዲያው ስልኩ ተቆለፈ። እዚያው ከኔ ስልክ የአንድ ሰዓት ተጨማሪ ጊዜ ሰጠሁት። ይህ ጭማሪ ለዚያ ቀን ብቻ ነው፣ የሳምንቱን ገደብ አይነካም። በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው፣ ሕጉን ሳታፈርስ መላላት ያስችልሃል።

የማይሠራበት ጊዜም አለ። ከመገናኛ ሆኜ «ቆልፍ» ብዬ ብጫን የልጁ ስልክ ኢንተርኔት ላይ ካልሆነ ትእዛዙ አይደርስም። ቀድሞ የተሞላው ገደብ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፣ አዲሱ ትእዛዝ ግን እስኪገናኝ ይጠብቃል። በኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም ይጠፋል፣ ያኔ ሮብሎክስ ራሱ ይቆማል። ልጁ ግን ኢንተርኔት የማይፈልግ የመኪና ጨዋታ አለው፣ ወደዚያ ይዞራል። ተቃራኒው ሲመጣ፣ ማለትም እኔ ልከፍትለት ፈልጌ እሱ ኢንተርኔት ሲያጣ፣ ፋሚሊ ሊንክ ላይ የወላጅ ኮድ አለ። ለአክስቱ በስልክ አነብላታለሁ፣ እሷ ታስገባዋለች። ኮዱ ይቀያየራል፣ ስለዚህ ልጁ ቢሰማውም ነገ አይጠቅመውም።

ትልቁ ቀዳዳ የጎረቤት ስልክ ነው። ፋሚሊ ሊንክ ያለው በልጄ ስልክ ላይ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጓደኛው ስልክ ላይ ሊደርስ አይችልም። እዚህ ላይ የሮብሎክሱ መቆጣጠሪያ ይሻላል። እሱ አካውንቱን ነው የሚከተለው። ልጄ በጓደኛው ስልክ በራሱ አካውንት ሲገባ ቻቱ እዚያም ዝግ ነው፣ እዚያ የሞላሁት የቀን ገደብም አብሮት ይሄዳል። የካቲት ላይ ግን ሳየው በሳምንት ውስጥ ምንም አልተጫወተም ይላል። ደስ ከማለት ይልቅ ጠረጠርኩ። ስጠይቀው ወዲያው አመነ፣ ጓደኛው ስልክ ላይ ሌላ አካውንት ከፍቶ ነበር። ዓመተ ምህረቱን ደግሞ በዚህኛው ጊዜ አውቆ ነው 2007 ያለው።

አልተቆጣሁም ብል ውሸት ነው። ከዚያ ግን የጓደኛውን እናት ቡና ጠራኋት፣ ሁለታችንም የልጆቹን ስልክ ይዘን ቁጭ አልን። የሷን ልጅ አካውንት ስናየው እሱም 2006 ብሎ የሞላ ኖሯል። አብረን አስተካከልነው። ሁለቱ አሁን በፕራይቬት ሰርቨር ይጫወታሉ። ማውራት ሲፈልጉ አንዱ ወደ ሌላው ፎቅ ይወርዳል።

ልጄ ሰሞኑን አዲስ ጥያቄ ይዞ መጥቷል። ከክፍሉ ሦስት ልጆች ጋር ቻት እንዲከፈትለት ይፈልጋል፣ ስማቸውን በወረቀት ጽፎ ፍሪጁ ላይ ለጥፎታል። ሁለቱን አውቃቸዋለሁ። የሦስተኛውን እናት የፊታችን የወላጆች ስብሰባ ላይ አገኛታለሁ።